ፕላስተሩ አለ፣ ላፕቶፑ የለም፦ አንድ የደንበኛ ምስክርነት ቪዲዮ እንዴት እንደተጻፈ

በፊት የደንበኛ ምስክርነት ቪዲዮ ስክሪፕት ስሪልን ሲሉኝ ቁጭ ብዬ እጽፈው ነበር። ማለቴ ደንበኛው ምን እንደሚል እኔ ነኝ ምጽፈው፣ ድርጅቱ አይቶ ሁለት ሶስት ቦታ ያርማል፣ ደንበኛው ደሞ ቀረጻው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ይቀበላል። ስክሪፕት ሲባል አብዛኛው ሰው ሚመጣለት እሱ ስለሆነ ማንም ምን እየሰራሽ ነው ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ምጽፈው ያንን ለምን እንደተውኩትና አሁን እንዴት እንደምሰራው ነው፣ እሱንም በአንድ ቪዲዮ ነው ማሳያችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ነገር የተማርኩት እሱ ላይ ነው።

ስልክና ላፕቶፕ ለሚጠግኑ ሰዎች ሶፍትዌር ሚሰራ አንድ ድርጅት ነበር። ሶፍትዌሩ ምንም ውስብስብ ነገር የለውም፣ ዕቃ ሲገባ ይመዘገባል፣ ቁጥር ያለባት ትንሽ ወረቀት ሁለት ኮፒ ትታተማለች፣ አንዷ ዕቃው ላይ ትለጠፋለች አንዷ ለባለቤቱ ትሰጣለች፣ በቃ። ከደንበኞቻቸው አንድ ሰው መረጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲጠግኑ የኖሩ ትልቅ ሰው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ ነው ማወራቸው። የጻፍኩላቸው ስክሪፕት እንዲህ ነበር ሚጀምረው፦

«ከዚህ በፊት በዕቃ አያያዝ ረገድ ከፍተኛ ችግር ነበረብን። ደንበኞቻችንም በተደጋጋሚ ቅሬታ ያቀርቡ ነበር። ይህን ሲስተም መጠቀም ከጀመርን ወዲህ ግን ሥራችን በእጅጉ ተቀላጥፏል።»

ጋሼ ዘጠኝ ጊዜ አሉት። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ የራሳቸው ድምፅ ነበረው፣ እየደጋገሙ ሲሄዱ ግን ባሰ እንጂ አልተሻለም፣ «ረገድ» ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ይያዛል፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ይሄዳል፣ የፈተና መልስ እንደሚያስታውስ ልጅ። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም። ሰው የደረሰበትን ነገር ሲያወራ የሚፈልገው ነገሩን ነው፣ ቃሉ ራሱ ይመጣለታል፤ የተጻፈለትን ሲል ግን የሚፈልገው ቃሉን ነው፣ ነገሩ ከፊቱ ይጠፋል። ተመልካች ይሄን ልዩነት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይይዘዋል፣ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ባይችል እንኳ ይይዘዋል። ደሞ በአፉ «በእጅጉ ተቀላጥፏል» ሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቀረጻው አልቆ ማይኩን ከሸሚዛቸው ላይ እየፈታሁ ሳለ ጋሼ «እኔ እኮ ልጄ፣ ይሄ ነገር የገባው ባንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ምክንያት ነው» አሉኝ። ካሜራው ጠፍቷል። እዛው ቆመን አራት ደቂቃ ሚሆን ነገሩኝ፣ እና እኔ ማይኩን እጄ ላይ ይዤ ሙሉ ቀን የቀረጽነው ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ማታ ድርጅቱን ደውዬ ሌላ ቀን ስጡኝ አልኳቸው።

የምስክርነት ቪዲዮ ውሸት ሲመስል ብዙ ሰው ችግሩ «በኋላ» ሚለው ክፍል ላይ ይመስለዋል፣ ምስጋናው ስለበዛ። እኔ ግን አሁን ሳየው ሁሌም ሚበላሸው «በፊት» ላይ ነው። «ብዙ ችግር ነበረብን» የችግር ስም ነው እንጂ ችግር አይደለም። ለራሴ ምጠቀምባት አንዲት መፈተሻ አለችኝ፣ ይሄን አረፍተ ነገር ፍጹም ሌላ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሊለው ይችላል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ከላይ የጻፍኩትን የጥርስ ሐኪም ሊለው ይችላል፣ የመጋዘን ኃላፊ ሊለው ይችላል፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም እንደዛው። ስለዚህ የማንም አይደለም። በፊቱ የማንም ካልሆነ ደሞ በኋላው ምንም ያህል እውነት ቢሆን ሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ግን በፊቱን ማግኘት ከባድ ነው፣ ሰው ስለሚዋሽ ሳይሆን ስለሚረሳ። ችግር ከተፈታ በኋላ ሰው መፍትሔውን ቀድሞም ያውቀው እንደነበር ነው ሚሰማው። ባሩክ ፊሾፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጥናት ይሄንን አሳይቷል፣ ሰዎች ነገሩ በምን እንዳለቀ ካወቁ በኋላ በፊትም እንደዛ ብዬ ገምቼ ነበር ይላሉ። ምስክርነት ስትቀርጹ ይሄ በየደቂቃው ይገጥማችኋል። «በፊት እንዴት ነበር?» ስትሏቸው የዛን ጊዜውን ጭንቀት ሳይሆን አሁን ተረጋግተው የደረሱበትን ድምዳሜ ነው ሚነግሯችሁ። «አዎ ትንሽ ያስቸግር ነበር» ይላሉ። ትንሽ! ያኔ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ የጠቀመኝ ነገር ከማስታወቂያ ሥራ የመጣ አይደለም፣ ከፖሊስ ምርመራ ነው የመጣው። ሮናልድ ፊሸር እና ኤድዋርድ ጋይዝልማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዓይን ምስክሮችን ለመጠየቅ ኮግኒቲቭ ኢንተርቪው የሚባል ዘዴ አውጥተዋል። አንዱ መሠረቱ ምስክሩን ስለ ድርጊቱ በቀጥታ ከመጠየቅ በፊት ወደ ቦታው በሐሳብ መመለስ ነው፣ የት ቆመህ ነበር፣ ምን ይሰማ ነበር፣ ዙሪያህ ምን ነበር። ትዝታ በጎን በር ነው ሚገባው። ጋሼ ላይ ይሄ በተለይ አስፈልጎኛል፣ ምክንያቱም ታሪኩን አንዴ ነግረውኛል፣ ያውም ያለ ካሜራ፣ እና ሰው አንድን ታሪክ ለዛው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲነግር አሳጥሮ ነው ሚነግረው፣ «ያልኩሽ ነገር» እያለ። (ለዚህ ነው አሁን ከቀረጻ በፊት ስልክ ስደውል የትኛው ቀን እንደሆነ ብቻ ለይቼ «ቀሪውን ስመጣ ይነግሩኛል» ብዬ ማስቆመው። ማስቆሙ ነውር ይመስላል ግን የመጀመሪያውን አነጋገር ያድናል።) ሶስት ሳምንት ቆየሁ፣ ከዛ ስሄድ በሌላ በር ገባሁ።

የተቀመጥነው እሳቸው ሚሰሩበት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በር ከመከፈቱ በፊት። እኔ ከሌንሱ አጠገብ፣ ዓይኔ ከሌንሱ ቁመት ጋር እኩል እንዲሆን አድርጌ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው እኔን እንጂ ካሜራ እንዳያዩ። ካሜራው ከአሁን ጀምሮ እየቀረጸ ነው ብዬ ቀድሜ ነገርኳቸው፣ ይሄን ሳይነግሩ መቅረጽ ጥሩ ነገር ሊያስገኝ ይችላል ግን አላደርገውም። ወረቀት የለም። እኔ ጋም ያለችው አራት ጥያቄ ናት። የኔ ድምፅ ቪዲዮው ላይ ስለማይገባ መልሳቸው ብቻውን መቆም አለበት፣ ብዙ ሰው ለዚህ ሲል «ጥያቄዬን ደግመው ይመልሱ» ይላል፣ ያ ደሞ መልሶ የትምህርት ቤት ያደርገዋል። እኔ «ለምን» እና «እንዴት» ትቼ «እስኪ ይውሰዱኝ» ብዬ ነው ምጀምረው፣ ሰው ራሱ ከመጀመሪያው ይነሳል።

«ጋሼ፣ እስኪ ወደዛ ቀን ይውሰዱኝ፣ ልጅቷ ከመግባቷ በፊት እጅዎ ላይ ምን ነበር?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እጃቸውን አዩት። ከዛ እንዲህ አሉ፣ ቃል በቃል ከቅጂው ላይ ነው ምጽፈው፦

«እጄ ላይ... ስልክ። ስክሪን እየቀየርኩ ነበር። ያኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው ምቀመጠው። ገባች። ስሟን ነገረችኝ። ወረቀት ምናምን የለም ያኔ፣ ፕላስተር ላይ ስም እንጽፋለን፣ ዕቃው ላይ እንለጥፋለን፣ አለቀ። መደርደሪያውን አየሁ። ፕላስተሩ አለ። ላፕቶፑ የለም። ስሟ ተጽፎበት እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።»

እዚህ ላይ ሚቀጥለውን ጥያቄ ልጠይቅ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ተውኩት። በልቤ አምስት ቆጠርኩ። አምስት ሰከንድ ዝምታ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በጣም ረጅም ነው፣ ንግግሩን ያልጨረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ይሞላዋል። ጋሼም ሞሉት፦

«የመመረቂያ ጽሑፏ እሱ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም። ነገ ነይ አልኳት... ውሸቴን ነው። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።»

የተማሪዋን ላፕቶፕ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፣ ቦርሳው ተመሳሳይ ነበር። ዕቃ የወሰዱ ሰዎችን ስልክ ከየብጣሽ ወረቀቱ እየለቀሙ እስከ እኩለ ሌሊት ደወሉ፣ አስራ አንደኛው ሰውዬ ቦርሳውን ገና አልከፈተውም ነበር፣ በማግስቱ ከሰዓት ተመለሰ። በፊት ማለት ይሄ ነው። ውስጡ አንድም «ከፍተኛ» የለም፣ «ተደጋጋሚ» የለም፣ ግን ችግሩ ምን እንደነበር ማንም አይጠፋውም።

ከዛ በኋላ መካከሉ አለ። መካከሉን ብዙ ጊዜ የሚዘለው ድርጅቱ ነው፣ በበጎ ልብ፣ ጊዜ ለመቆጠብ። ችግር ነበር፣ ሶፍትዌሩ መጣ፣ ችግሩ ሄደ። ግን እስቲ አስቡት፣ ሃያ ሰላሳ ዓመት በእጁና በትዝታው ሲሰራ የኖረ ሰው አንድ ማሽን መጥቶ በአንድ ቀን ያምነዋል? ጋሼ አላመኑትም። ሶፍትዌሩን ያመጣው ወንድ ልጃቸው ነው፣ እሳቸው አልፈለጉም ነበር፣ እና ሁለት ወር ሙሉ ወረቀቷንም ፕላስተሩንም አንድ ላይ ይለጥፉ ነበር፣ ልጃቸው ሳያይ። ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፣ ልጁ በዛ በኩል ነበራ። ድርጅቱ ይሄ ይውጣ አለ፣ ዕቃችን የማይታመን ያስመስላል አሉ። እኔ የመለስኩት ቪዲዮውን ሚያየው ሰው አሁን እዛ ሁለት ወር ውስጥ ነው ያለው ብዬ ነው። ገና አልገዛም፣ እየተጠራጠረ ነው፣ የሱን ጥርጣሬ ያለፈ ሰው ካላየ ቪዲዮው ውስጥ ራሱን ሚያገኝበት ቦታ የለም። ሳይወጣ ቀረ።

ኢንተርቪው 43 ደቂቃ ነበር። ስክሪፕቱ የተጻፈው ከዛ በኋላ ነው፣ ይሄንን ነው በደንብ እንዲያዝልኝ ምፈልገው። ሙሉውን ቃል በቃል ገለበጥኩት፣ ከየአንቀጹ አጠገብ ደቂቃና ሰከንዱን ጻፍኩ፣ አተምኩት፣ ከዛ በእስክሪብቶ ቀን፣ ቦታ ወይም ሚነካ ዕቃ ያለበትን አረፍተ ነገር ሁሉ አሰመርኩ። ቅጽል ብቻ ያለበትን ዘለልኩ፣ ጋሼ ራሳቸው ከልባቸው ያሉትንም ጭምር፣ «በጣም ደስ ይላል» ያሉበት ሶስት ቦታ ነበር። የተሰመረው ሲደመር 12 ደቂቃ ገደማ መጣ። እሱን በመቀስ ቆርጬ ወለል ላይ ደረደርኩት፣ ኤዲተሮች ፔፐር ኤዲት ይሉታል፣ ኮምፒውተር ላይም ይሰራል ግን ወረቀቱ ላይ አንድን ነገር ካንዱ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ምን እንደሚለውጥ በዓይን ይታያል።

ወለሉ ላይ ነው ሁለት ነገር ያየሁት። አንደኛው «ያኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው ምቀመጠው» ሚለው ነው። ሲያወሩ አልሰማሁትም፣ ልጅቷ ላይ ነበር ሐሳቤ። ግን «ያኔ»? እኔ የቀረጽኳቸው ፊታቸው ወደ በሩ ሆኖ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ዞሯል ማለት ነው፣ መቼ ዞረ፣ ለምን ዞረ?

ሁለተኛው የአንድ ቃል ጉዳይ ነው። ጋሼ 31ኛው ደቂቃ ላይ «ከዛ ወዲህ አንድም ዕቃ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም» ብለዋል። ድርጅቱ ይቺን አረፍተ ነገር እንደሰማ ወደዳት፣ መክፈቻ ትሁን አሉ። እኔ ግን «አንድም» ስትባል ይከብደኛል። ሰው በቅንነትም ይሳሳታል፣ እና ቪዲዮ ላይ ከወጣ በኋላ ንግግሩ የጋሼ ብቻ አይሆንም፣ የድርጅቱ ማስታወቂያ ነው፣ ለእውነትነቱ ሚጠየቀው ድርጅቱ ነው። በአሜሪካ ለምሳሌ የንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል ደንበኛ ያገኘውን ልዩ ውጤት አሳይቶ ከስር «ሁሉም ሰው ይሄን ላያገኝ ይችላል» ብሎ በትንሽ ፊደል መጻፍ ብቻውን ከተጠያቂነት እንደማያድን አድርጎታል፣ በ2024 ደሞ የሐሰት ምስክርነትን በቅጣት ሚከለክል ደንብ አውጥቷል። እኔ ሕጉን ፈርቼ ብቻ አይደለም ግን። «አንድም» ሚለው ቃል ራሱ የተቀናበረ ይመስላል፣ ሕይወት ውስጥ አንድም ሚባል ነገር ብዙ ጊዜ የለም።

ተመልሼ ሄድኩ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ ብዬ። መጀመሪያ ልጃቸውን ጠየቅኩት፣ መዝገቡን ሚይዘው እሱ ስለሆነ። «አይ፣ አንዴ አለ» አለ። ሁለት አንድ ዓይነት ጥቁር ስልኮች ላይ ወረቀቱን አቀያይሮ ለጥፎ ነበር፣ ያጠፋው ራሱ ነው። እና? እናማ ሰውየው ሊወስድ ሲመጣ ስልኩን ከፍተው ሲያዩት መዝገቡ ላይ የተጻፈው ብልሽት ሌላ ሆነባቸው፣ ሰውየው ሳይወጣ እዛው ቆሞ ተስተካከለ። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ትንሽ ተቆጡ፣ አልነገርከኝም እኮ አሉት፣ ከዛ ካሜራውን ከፈትኩና ደግሞ ጠየቅኳቸው። አሁን ያሉት እንዲህ ነው፦ «አንዴ ተሳስተናል። አንዴ። ሰውየው ገና በሩ ጋ ሳይደርስ ያዝነው።» ይሄኛው ከ«አንድም» ይበልጣል። የበለጠ እውነት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ምን እንደሚሰራም ስለሚያሳይ፣ ስህተት እንዳይፈጠር አያደርግም፣ ስህተት ከበር እንዳይወጣ ያደርጋል።

ስለ ጠረጴዛውም ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «መደርደሪያውን ለማየት ብዬ እኮ ነው ፊቴን ወደ ግድግዳው አርጌ ምቀመጠው የነበረው። ማን ምን እንደሚነካ ልጠብቅ ብዬ። አሁን ምን አስጠበቀኝ፣ አዞርኩት፣ ሚመጣውን ሰው አየዋለሁ።» ይሄንን ማንም ሊጽፍላቸው አይችልም ነበር፣ እኔ መቶ ዓመት ብቀመጥ አይመጣልኝም። በፊትና በኋላ ውስጥ ምፈልገው ይሄን ነው፣ በፊቱ ላይ የነበረ አንድ ዕቃ ወይም አንድ አቀማመጥ በኋላው ላይ ተለውጦ እንዲታይ። ያኔ ሰውየው «ተለውጧል» ማለት አይጠበቅባቸውም።

አሁን ስክሪፕቱን እንዳለ ላሳያችሁ። በኛ ሥራ በሁለት ዓምድ ነው ሚጻፈው፣ በግራ ሚታየው በቀኝ ሚሰማው፣ እኔ እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ከስር በጽሑፍ ሚወጣው ግን እንዳለ ነው።

0:00 እስከ 0:08። ባዶ መደርደሪያ፣ እንጨቱ በቅርብ። ድምፃቸው ብቻ፦ «መደርደሪያውን አየሁ። ፕላስተሩ አለ። ላፕቶፑ የለም።» ከስር ጽሑፍ፦ የሶፍትዌሩ ተጠቃሚ፤ ለዚህ ቪዲዮ የሶስት ወር ክፍያ ተነስቶላቸዋል።

0:08 እስከ 0:34። ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ፦ «ገባች፣ ስሟን ነገረችኝ...» ከሚለው እስከ «ውሸቴን ነው። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።» ከ«ውሸቴን ነው» በፊት ያለችው ዝምታ አትነካም። ከዛ የመደወሉና የመገኘቱ ነገር በሁለት አረፍተ ነገር።

0:34 እስከ 0:53። እጃቸው ሲሠራ፣ ወረቀት ስትታተም። «ልጄ ነው ያመጣው። እኔ አልፈለኩም። ሁለት ወር ፕላስተሩንም እለጥፍ ነበር፣ እሱ ሳያይ።»

0:53 እስከ 1:20። ደንበኛ ሲገባ፣ ጋሼ ቀና ሲሉ። «አንዴ ተሳስተናል...» ቀጥሎ ጠረጴዛው።

1:20 እስከ 1:32። ጋሼ፣ ወደ እኔ ዘወር ብለው፦ «ማተሚያዋ ግን ወረቀት ትነክሳለች። ንገሪያቸው።»

የሶፍትዌሩ ስም ከአፋቸው አይወጣም፣ መጨረሻ ላይ ምልክቱ ይመጣል በቃ። ሰው ሚጠቀምበትን ነገር ሙሉ ስሙን አይጠራም፣ ጋሼ «ይሄ ነገር» ነው ሚሉት። የክፍያውን ነገር መጀመሪያ ላይ ማስቀመጤ ድርጅቱን አሳስቦት ነበር፣ እኔ ግን ሰው ከመጨረሻ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ቢያውቀው ይሻላል ባይ ነኝ፣ አውቆ ከሰማ በኋላ ያመነው ያመነው ነው።

ቀረጻና ኤዲቲንግ ላይ ብዙ አልልም፣ ሶስት ነገር ብቻ። በፊቱን ግራጫ በኋላውን ደማቅ አታድርጉት፣ ያ ቀለም ሲቀየር ሰው ማስታወቂያ እያየ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። በፊቱን በተዋናይ ወይም በራሳቸው በጋሼ ደግማችሁ አታስቀርጹት፣ ባዶ መደርደሪያ ይበቃል። ሶስተኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ፣ ሁለት ንግግር ሲገጣጠም መሃሉ ላይ ፍጹም ጸጥታ ከገባ ጆሮ መቆረጡን ይሰማል፣ እሱ ድምፅ ነው ሚሸፍነው።

መገጣጠም ስል ግን አንድ ነገር አለ። ኤዲተሮች ፍራንከንባይት የሚሉት ነገር አለ፣ ካንድ አረፍተ ነገር ግማሽ ከሌላው ግማሽ ወስዶ ሰውየው ያላለውን እንዲል ማድረግ። በጣም ቀላል ነው፣ በምስል ከተሸፈነ ደሞ አይታይም። ኤዲተሩ አንድ ቀን የ31ኛውን ደቂቃ «አንድም» መጨረሻ ከሄድኩበት ቀን «ያዝነው» ጋር አገጣጥሞ አሳየኝ፣ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። አይሆንም አልኩት። የኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ቅደም ተከተል መለወጥ ይቻላል፣ ማሳጠር ይቻላል፣ ሰውየው ቪዲዮውን ሲያይ «ይሄን አላልኩም» ሊልበት ሚችል ነገር ግን አይቻልም። ስለዚህ ሁሌም ከድርጅቱ በፊት ለተናጋሪው ነው ማሳየው።

ጋሼ በስልክ አዩት፣ ሁለት ጊዜ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ልጅቷ የምን ተማሪ እንደሆነች አንድ ቦታ ላይ ተናግረው ነበር፣ «እሱን አውጪልኝ፣ ልትታወቅ ትችላለች» አሉ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። በፊት ሚባለው ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው አለ፣ ካሜራ ፊት ያልተቀመጠ፣ ምንም ያልፈረመ። አወጣሁት፣ ጋሼም ደውለው ነገሯት፣ ተስማማች።

ይሄ መንገድ ሁሌ አይሰራም። ከጋሼ በኋላ ለዛው ድርጅት ሌላ ደንበኛ ጋ ደውዬ ነበር፣ ትልቅ ጥገና ቤት ሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ሥራቸውን ሲጀምሩ ጀምሮ ይሄንኑ ሶፍትዌር ነው ሚጠቀሙት፣ ጥሩ ነው አሉኝ፣ ትንሽ ቆይተው በጣም ጥሩ ነው አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ጠየቅኳቸው፣ አንድም ቀን አልመጣላቸውም፣ ምክንያቱም በፊት ሚባል ነገር የላቸውም። ለድርጅቱ እሳቸው ጋ በፊትና በኋላ እንደሌለ ጽፌ ላክሁ፣ ከፈለጋችሁ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ሚያሳይ ሌላ ዓይነት ቪዲዮ ይሁን አልኩ። ታሪክ የሌለውን ሰው ታሪክ ስጠው ማለት ተመልሶ «በዕቃ አያያዝ ረገድ» ጋ መድረስ ነው።

በመጨረሻ ያከራከረን ማተሚያዋ ናት። ድርጅቱ 1:20 ላይ ይለቅ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ያምራል አሉ። ያምራል እውነት ነው። ግን ጋሼ «ንገሪያቸው» ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነው፣ ከማስረዳት ወጥተው እንደ ደንበኛ እየተናገሩ ነው፣ ዕቃውን ነገም ሚጠቀሙበት ሰው ናቸው፣ ለዛም ነው ሚያማርሩት። ሶስት ቀን ተጻጻፍን። በመጨረሻ አንዷ የድርጅቱ ሠራተኛ ማተሚያዋ በርግጥ ወረቀት ትነክሳለች፣ እኛም እናውቃለን ብላ ጻፈች፣ እና ሳይቆረጥ ቀረ።

ከንግግሩ በኋላ አራት ሰከንድ ምስል ያስፈልገኝ ነበር፣ ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት። መጨረሻ በሄድኩበት ቀን ልወጣ ስል ጋሼን ያ ፕላስተር አሁን የት ነው ያለው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። መሳቢያውን ሳቡት። ጥቅልሉ እዛው አለ፣ ግማሹ አልቋል፣ ከላዩ ላይ በተጠቀለለ የቻርጀር ገመድ ተሸፍኗል። የገመድ ማሰሪያ ሆኗል አሉኝ፣ እና መሳቢያውን መለሱት።